«50 በመቶ» ሲባል፦ የዱሼን ጡንቻ መመንመን ውርስ

ጅማ ውስጥ አንዲት እናት የ6 ዓመት ልጇ ከመሬት ሲነሳ በእጆቹ ጭኑን እየተደገፈ እንደሚነሳ አይታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው እንበል። የዘረመል ምርመራው በዲስትሮፊን ዘረመል ላይ አንድ ክፍል መጉደሉን፣ ሕመሙም ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያዳክመው ዱሼን መሆኑን አሳየ። ይህ ዘረመል የሚገኘው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ኤክስን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ስለሆነ ሕመሙ ከአባቱ አልመጣም።

እናቲቱ ተሸካሚ ከሆነች፣ ማለትም ከሁለቱ ኤክሶቿ አንዱ ጉድለቱን ከያዘ፣ የምትፀንሰው ወንድ ከሆነ የመታመም፣ ሴት ከሆነች ደግሞ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ይህ ማለት ግን አንዱ ከታመመ ቀጣዩ ይተርፋል ማለት አይደለም። ዕድሉ በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ስለዚህ መጀመሪያ የልጁ ውጤት ይታወቅ፤ ከዚያ ያው ጉድለት በእናቱ ደም ይፈለግ። ካልተገኘስ? ከሦስት እናቶች አንዷ ገደማ ተሸካሚ አይደለችም፤ ለውጡ ልጁ ላይ እንደ አዲስ የተፈጠረ ነው። ሆኖም ለውጡ በደሟ ሳይታይ በአንዳንድ እንቁላሎቿ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ የቀጣዩ እርግዝና ስጋት ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ተሸካሚ ሆና ከተገኘች ደግሞ የራሷም የልብ ጡንቻ ሊዳከም ስለሚችል የልብ አልትራሳውንድ በየጊዜው መነሳት ይኖርባታል።