ዶልፊን፣ ፖርፖይዝና ትንንሽ ዓሣ ነባሪዎችን ከባሕር ላይ ፎቶግራፍ መለየት

በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ በሚገኘው በሞሬይ ፈርዝ ባሕረ ሰላጤ ጠርሙስ አፍንጫ ዶልፊን፣ የዶልፊን ዘመድ ሆኖ በአካል የሚያንሰው ፖርፖይዝና ሚንኪ የተባለው ትንሽ ዓሣ ነባሪ ይታያሉ። ከጀልባ ወይም ከዳርቻ በሚነሣ ፎቶግራፍ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥቁር ጀርባና አንድ ክንፍ ብቻ ነው። በአጠገቡ የሚነጻጸር ነገር ከሌለ መጠኑም አያስተማምንም፤ 1 ሜትር ተኩል የሚሆን ፖርፖይዝና 8 ሜትር የሚሆን ሚንኪ በፎቶ ላይ እኩል ሊመስሉ ይችላሉ።

የፖርፖይዝ የጀርባ ክንፍ አጭር፣ መሠረቱ ሰፊ፣ የኋላ ጠርዙም ቀጥ ያለ በመሆኑ ዝቅ ያለ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። የዶልፊኑ ክንፍ ግን በጀርባው መሐል ከፍ ብሎ ይቆምና እንደ ማጭድ ወደ ኋላ ይቆለመማል። የሚንኪም ክንፍ እንዲሁ የተቆለመመ ስለሆነ ጀማሪዎችን የሚያሳስታቸው በተለይ ይህ ጥንድ ነው። እዚህ ላይ የሚፈርደው ከቅርጹ ይልቅ ቦታው ነው፤ የሚንኪ ክንፍ ከአፍንጫው ጫፍ ሲለካ ከሰውነቱ ርዝመት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ከክንፉ ፊት ለፊት ረጅም ባዶ ጀርባ ይታያል።

ጭንቅላቱ ከውኃ ከወጣ ነገሩ ይቀላል። ዶልፊኑ አጭርና ወፍራም መንቁር አለው፤ መንቁሩንም ከግንባሩ የሚለይ ጥርት ያለ እጥፋት ይታያል። የፖርፖይዝ ፊት ደግሞ መንቁር የለሽና ድቡልቡል ሲሆን፣ የሚንኪ ጭንቅላት ጠፍጣፋና ሹል ነው። ሆኖም መንቁር የሌለው ሁሉ ፖርፖይዝ አይደለም፤ ከዶልፊን ቤተሰብ የሆነው ፓይለት ዓሣ ነባሪም ግንባሩ ያበጠ፣ መንቁሩ የማይታይ ነው፤ እርሱን የሚያጋልጠው ወደ ፊት ቀረብ ብሎ የሚገኘው ሰፊ መሠረት ያለው ክንፉ ነው።

ከአንድ ትልቅ ክንፍ አጠገብ አንድ ትንሽ ክንፍ የሚታይበትን ፎቶ እንውሰድ። ተመልካቹ ትንሹን ወዲያው ፖርፖይዝ ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን ፎቶውን አጉልቶ የትንሹን የኋላ ጠርዝ ቢመለከትና ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ቢያገኘው፣ ያየው ከእናቱ ጎን የሚዋኝ የዶልፊን ግልገል መሆኑ አይቀርም። በዚህ ባሕር ጠርሙስ አፍንጫ ዶልፊኖች ፖርፖይዞችን አጥቅተው እንደሚገድሉ በምርምር ስለተረጋገጠ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተረጋግተው ይዋኛሉ ተብሎ አይጠበቅም። ጠርዙ ቀጥ ያለ ሆኖ ውኃው በኃይል የሚረጭ ከሆነ ግን ፎቶው የያዘው ጥቃትን ሊሆን ይችላል።

አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከእንስሳው ሳይሆን ከማዕዘኑ ነው። ከፊት ወይም ከኋላ የተነሣ ክንፍ ቀጭን ዘንግ ይመስላል፤ ማዕበል መሠረቱን ከሸፈነውም ረጅሙ ክንፍ አጭር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በተከታታይ ከተነሡት ፎቶዎች መካከል እንስሳው በትክክል በጎኑ የሚታይበት ይመረጣል፤ እንዲህ ያለው ካልተገኘ መዝገቡ ላይ «ዶልፊን ወይም ፖርፖይዝ፣ ዝርያው ያልተለየ» ተብሎ ይጻፋል።