ኢኮው «60 በመቶ» እያለ የልብ ድካም፦ ሁለቱ የልብ ድካሞች ምንድን ናቸው?

ሁለት ሰዎች እናስብ። ሁለቱም ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እግራቸው ያብጣል፣ ማታ ትራስ ሳይደራርቡ መተኛት አይችሉም። ሁለቱም የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ ተነሱ። የአንደኛው ውጤት «ኢጄክሽን ፍራክሽን 30 በመቶ» ይላል፤ የሁለተኛው «60 በመቶ»። 60 ጤናማ ቁጥር ስለሆነ ሁለተኛው ሰው ብዙ ጊዜ «ልብዎ ደህና ነው» ተብሎ ይሸኛል። እሱም ግን የልብ ድካም ሊኖርበት ይችላል።

ኢጄክሽን ፍራክሽን የሚነግረን ግራው የታችኛው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ምን ያህሉን እጅ እንደሚገፋ ነው። ድርሻ እንጂ መጠን አይደለም። የመጀመሪያው ሰው ልብ ተለጥጦ ሰፍቷል፤ 200 ሚሊ ሊትር ይይዝና 60 ይገፋል፣ 30 በመቶ። የሁለተኛው ልብ ግድግዳው ወፍሮ ደርቋል፤ የሚይዘው 100 ብቻ ነው፣ ከዚያ 60 ይገፋል፣ 60 በመቶ። በአንድ ምት ለሰውነት የሚደርሰው ደም ግን የሁለቱም 60 ሚሊ ሊትር ነው።

በሕክምናው 40 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን የመግፋት አቅሙ የቀነሰ፣ 50ና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ አቅሙ ያልቀነሰ የልብ ድካም ይባላል። በመካከል ያሉት ለብቻቸው ይታያሉ።

የሁለተኛው ሰው ችግር መግፋቱ ላይ ሳይሆን መሙላቱ ላይ ነው። የደረቀ ግድግዳ ቶሎ አይላላም። ስለዚህ ደም የሚገባለት በከፍተኛ ግፊት ብቻ ነው። ግፊቱ ወደ ኋላ ወደ ሳንባ የደም ሥሮች ይመለሳል፤ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ሰውዬው አርፎ ሲተኛ ግፊቱ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ሲንቀሳቀስ ነው የሚያሻቅበው። ተኝቶ የተነሳው ኢኮ ብቻውን የሚያታልለው ለዚህ ነው። ጥሩ ሐኪም ከቁጥሩ ባሻገር የግራው የላይኛው የልብ ክፍል መስፋቱን ያያል። ጥርጣሬው ካልጠራ፣ ሰውዬው ፔዳል እየመታ በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ የልቡ ግፊት ይለካል።

ሕክምናው የሚለያየውም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሰው፣ ሰውነት ደም የጎደለ ስለሚመስለው አድሬናሊንና ሌሎች ሆርሞኖችን ይለቃል። እነዚህ ለጊዜው ልብን ይደግፋሉ፤ ሲቆዩ ግን የተለጠጠውን ልብ ይበልጥ ያሰፉታል። ቤታ ብሎከር፣ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶች እና ስፓይሮኖላክቶን ይህን የሆርሞን ጫና ይቆርጣሉ። ከወራት በኋላ ልቡ መልሶ ሊጠብ ይችላል። 160 ይዞ 64 ከገፋ 40 በመቶ ደረሰ ማለት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ዕድሜ እንደሚያረዝሙ በትልልቅ ጥናቶች ተረጋግጧል።

ታዲያ ያንኑ ለሁለተኛው ሰው መስጠት ነዋ! ሐኪሞችም እንደዚያ አስበው ሞክረው ነበር፤ ውጤቱ ግን አንገት አስደፋ። የእሱ ልብ አልተለጠጠም፣ የሚጠብ ነገርም የለውም። የልብ ምትን የሚያዘገየውን ቤታ ብሎከርን ብቻ እንይ። ደረቅ ልብ በምት ከ60 ሚሊ ሊትር ብዙም መጨመር አይችልም፤ ደረጃ ሲወጣ ያለው አማራጭ ቶሎ ቶሎ መምታት ነው። በደቂቃ 120 ጊዜ ቢመታ 7.2 ሊትር ያደርሳል። መድኃኒቱ 90 ላይ ካስቆመው 5.4 ብቻ ይሆናል፤ እግሩ ይዝላል። የልብ ምት መዛባት ወይም የልብ ደም ሥር ጥበት ካለበት ግን ቤታ ብሎከር ያስፈልገው ይሆናል። ስለዚህ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቆም አደገኛ ነው።

ለሁለቱም የሚሠሩ መድኃኒቶች አሉ። እንደ ላሲክስ ያለ የሚያሸና መድኃኒት ውሃውን ይቀንሳል፤ ለደረቀው ልብ ግን ሲበዛ መሙያ ደም ያሳጣውና የደም ግፊቱ ወርዶ ሰውዬውን ያዞረዋል። ለስኳር ሕመም የተሠሩት ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ደግሞ በ2021 እና በ2022 በወጡ ጥናቶች፣ አቅሙ ባልቀነሰው ዓይነትም በልብ ድካም ሆስፒታል መግባትን ቀንሰዋል። ከዚህ ውጪ የሁለተኛው ሰው ሕክምና በአብዛኛው ልቡን ያደረቁትን መከታተል ነው፦ የደም ግፊት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ስኳር። ግድግዳው የወፈረው አሚሎይድ በሚባል ፕሮቲን ከሆነ ደግሞ ሕክምናው ጨርሶ ሌላ ነው፤ ስለዚህ በተለይ አረጋውያን ላይ ይህ መፈተሽ አለበት።

አንድ የሚያሳስበኝ ስህተት አለ። የመጀመሪያው ሰው ታክሞ ቁጥሩ ከ30 ወደ 55 ሊወጣ ይችላል። ይህ ሁለተኛውን ዓይነት አያደርገውም፤ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን መተውም የለበትም። ልባቸው ሰፍቶ ያገገመላቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን በክትትል እንዲያቆሙ የተደረገበት አንድ ጥናት ነበር። 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በስድስት ወር ውስጥ ሕመሙ ተመልሶባቸዋል።