ሶላር ፓነል ቤት ላይ ማስገባት ያዋጣል? ሜሪላንድ ላይ የሚባለውና እውነታው

«ሶላሩ ነፃ ነው፣ ወጪውን መንግስት ነው የሚሸፍነው»

በር እያንኳኩ የሚመጡት ሴልስማኖች «ዜሮ ዶላር» ሲሉ መጀመሪያ ቀን ከኪሳችሁ የሚወጣ የለም ማለታቸው ነው። ከዛ በኋላ ግን የምትፈርሙት ወይ ሎን ነው ወይ ሊዝ ነው፣ ሁለቱም 20 እና 25 ዓመት አብሯችሁ የሚኖር ክፍያ ነው። መንግስት የሚባለው ደግሞ የፌደራሉ የታክስ ክሬዲት ነው፣ የሶላሩን ወጪ 30 ፐርሰንት ከታክሳችሁ ላይ ይቀንስላችሁ ነበር። ያኔም ቢሆን ቼክ ሆኖ ቤት የሚመጣ ብር አልነበረም፣ የሚቀነስ የታክስ እዳ ለሌለው ሰው ምንም አያደርግለትም፣ ብዙ ጡረተኛ ቤተሰቦቻችን ይሄን ሳያውቁ ነው የፈረሙት። አሁን ደግሞ እሱም የለም፣ ጁላይ 2025 ላይ የተፈረመው ሕግ ከዲሴምበር 31 2025 በኋላ ለሚወጣ ወጪ ዘግቶታል። ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ መጥቶ «30 ፐርሰንቱ ይመለስላችኋል» የሚል ሰው ካለ ሌላውንም የሚናገረውን አትመኑት። ሊዝ ከሆነ ኩባንያው በራሱ በኩል የሚያገኘው ጥቅም ሊኖር ይችላል፣ ግን ፓነሉ የሱ ስለሆነ ጥቅሙም የሱ ነው።

«በወር 150 ዶላር ነው የምከፍለው፣ ሶላር ካስገባሁ ቢሉ ዜሮ ስለሚሆን 150ውን በሙሉ አተርፋለሁ»

እዚህ ጋ ቁጭ ብሎ ማስላት ያስፈልጋል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ ተራ ቤት እንውሰድ። ጣሪያው ወደ ደቡብ ያያል፣ ትልቅ ዛፍ አይጋርደውም፣ የሚገባው 7 ኪሎዋት ሲስተም ነው፣ ይሄ እንግዲህ ወደ 17 ፓነል አካባቢ ነው። በዋት 3 ዶላር ቢያስከፍሏችሁ (ይሄ ካሽ ለሚከፍል ሰው የተለመደ ዋጋ ነው) ጠቅላላው 21,000 ዶላር ይመጣል። በኛ አካባቢ ፀሐይ ጥሩ ጣሪያ ላይ ያለ አንድ ኪሎዋት በዓመት 1,200 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያመነጫል፣ ስለዚህ ሲስተሙ በዓመት 8,400 ይሰጣችኋል። መብራቱን በ18 ሳንቲም ብናሰላው በዓመት 1,512 ዶላር፣ በወር 126 ዶላር ማለት ነው። ስለዚህ የምትቆጥቡት 126ቱን ነው፣ ቀሪዋ 24 ዶላር አሁንም ትከፈላለች። ፓነል ብትጨምሩ እንኳን ቢሉ ሙሉ በሙሉ ዜሮ አይሆንም፣ ምክንያቱም ምንም ባትጠቀሙም ከመስመሩ ጋር ስለተገናኛችሁ ብቻ በየወሩ የምትቆረጥ ቋሚ ክፍያ አለች።

ሜሪላንድ ላይ ጥሩው ነገር ኔት ሚተሪንግ የሚባለው አሰራር ነው። ቀን እናንተ ስራ ስትሆኑ ፓነሉ ያመነጨው ትርፍ ወደ መስመሩ ይሄዳል፣ ማታ ስትመጡ ያንኑ ያህል መልሳችሁ ትወስዳላችሁ፣ ዋጋውም አንድ ለአንድ ነው። በበጋ ያጠራቀማችሁትን በክረምት ትጠቀሙበታላችሁ። ከዓመቱ ፍጆታችሁ በላይ ያመነጫችሁት ግን የሚከፈላችሁ በአነስተኛ ዋጋ ነው፣ ስለዚህ «ትልቅ ሲስተም አስገቡና ለመብራት ኃይሉ ሽጡለት» የሚለው ምክር አያዋጣም፣ ሴልስማኑ ኮሚሽኑ ስለሚጨምርለት ነው የሚያበዛው።

እና 21,000ው መቼ ይመለሳል? ፓነል በየዓመቱ ግማሽ ፐርሰንት ያህል ይደክማል፣ እሱን ጨምረን፣ የመብራት ዋጋ ምንም ሳይጨምር ብናሰላው ከ14 ዓመት ትንሽ አለፍ ይላል። የድሮው 30 ፐርሰንት በነበረበት ጊዜ ይሄው ቤት በ10 ዓመት ይመልስ ነበር፣ ስለዚህ ጎረቤታችሁ በ2023 አስገብቶ «ምርጥ ነው» ቢላችሁ ልክ ነው፣ የሱ ሂሳብ ግን የናንተ ሂሳብ አይደለም። በ25 ዓመት ውስጥ የምትቆጥቡት በጠቅላላ ወደ 35,600 ዶላር ይሆናል፣ ከሱ ላይ የገዛችሁበትን ስትቀንሱ፣ መሀል ላይ አንዴ የፓነሉን ኃይል ለቤት ወደሚሆን መብራት የሚለውጠውን ኢንቨርተር መቀየሪያ 2,500 ዶላር ስትይዙ፣ ወደ 12,000 ዶላር ይተርፋል። እንደ ኢንቨስትመንት ካያችሁት በዓመት 4 ፐርሰንት አካባቢ እንደሚያስገኝ ገንዘብ ነው። የመብራት ዋጋ በየዓመቱ 2 ፐርሰንት ቢጨምር ደግሞ 6 ፐርሰንት አካባቢ ይገባል፣ ብሩም ወደ 13 ዓመት ገደማ ይመለሳል። መጥፎ አይደለም፣ ታክስም አይቆረጥበትም፣ ግን ሀብታም የሚያደርግ ነገርም አይደለም፣ እዛ ቤት 6 እና 7 ዓመት ለመቆየት ብቻ ያሰበ ሰው ደግሞ ባያስገባ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

አንድ የሚጨመር ነገር አለ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ፓነሉ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ባመነጨ ቁጥር ኤስሬክ የሚባል ሰርተፍኬት ታገኛላችሁ፣ እሱ ይሸጣል። የኛ ቤት በዓመት 8 ያገኛል ማለት ነው። ዋጋው ግን እንደ ገበያው ስለሚወጣና ስለሚወርድ ሂሳቡ ውስጥ ዋና ገቢ አድርጋችሁ አታስገቡት፣ ደግሞ ሊዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሰርተፍኬቱን የሚወስደው ኩባንያው ነው፣ ውሉ ላይ ማን እንደሚወስድ ተፅፎ ታገኙታላችሁ።

«የወሩ ክፍያ ከመብራት ቢሌ ካነሰ በቃ አትርፌያለሁ ማለት ነው»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሴልስማኑ «150 ከምትከፍሉ 148 ትከፍላላችሁ፣ ያውም የራሳችሁ ይሆናል» ይላል፣ ወለዱም 3.99 ፐርሰንት ብቻ ነው ይላል። ባንክ ላይ የማይገኝ ወለድ እንዴት ተገኘ ካላችሁ መልሱ ዲለር ፊ የሚባለው ነው፣ ወለዱን ዝቅ ለማድረግ ዋጋው ላይ ቀድሞ የሚጨመር ብር ነው፣ ከሎኑ 25 ፐርሰንት ድረስ እና ከዛም በላይ ሊሆን ይችላል። በካሽ 21,000 የነበረው ሲስተም ውሉ ላይ 28,000 ሆኖ ይፃፋል። 28,000 በ3.99 ለ25 ዓመት ሲሰላ በወር ወደ 148 ነው፣ ሴልስማኑ አልዋሸም፣ ግን በጠቅላላ የምትከፍሉት ወደ 44,300 ዶላር ነው። የምትቆጥቡት 35,600 እንደነበር አስታውሱ። ከዛ ደግሞ ያችን 24 ዶላር ቀሪ ቢል ጨምሩበት፣ በወር 172 እየከፈላችሁ ነው፣ ከሶላሩ በፊት 150 ነበር!

ይሄንኑ 21,000 ከክሬዲት ዩኒየን በ8 ፐርሰንት ለ12 ዓመት ብትበደሩ በወር 227 ይመጣል፣ ከብዶ ይታያል፣ ጠቅላላው ግን 32,700 አካባቢ ነው፣ እና 12 ዓመቱ ካለቀ በኋላ ፓነሉ ንፁህ የናንተ ነው። ከፍ ያለ ወለድ ያለው ሎን ዝቅተኛ ወለድ ካለው በ11,600 ዶላር ገደማ ረከሰ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «በካሽ ብከፍል ስንት ነው?» የሚለው ይሁን፣ ከሎኑ ዋጋ ጋር ልዩነት ካለ ልዩነቱ እሱ ፊ ነው። የካሹን ዋጋ አልናገርም ካላችሁ ሌላ ኩባንያ ፈልጉ።

ሊዝ ወይም ፒፒኤ የሚባለው፣ የፓነሉን መብራት በኪሎዋት ሰዓት ከኩባንያው የምትገዙበት ውል ላይ ደግሞ የምታዩት ኤስካሌተር የሚባለውን መስመር ነው። «መብራት ኃይሉ 18 ሳንቲም ያስከፍላችኋል፣ እኛ 15» ይላሉ፣ ግን በየዓመቱ 2.9 ፐርሰንት ይጨምራል ተብሎ ተፅፏል። የመብራት ዋጋ ባለበት ቢቆም በ8ኛው ዓመት ከመብራት ኃይሉ በላይ ትከፍላላችሁ፣ በ25ኛው ዓመት ደግሞ 30 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። መብራት በ2 ፐርሰንት ቢጨምር መገናኛው ወደ 21 ዓመት ይርቃል፣ ስለዚህ ሊዝ ሁልጊዜ ኪሳራ ነው ማለቴ አይደለም፣ ኤስካሌተር የሌለው ከሆነ እና ካሽ ለሌለው ሰው ሊያዋጣ ይችላል። ቤቱን ስትሸጡ ግን ገዢው ውሉን ልውሰድ ካላለ ቀሪውን ከፍላችሁ ነው የምትወጡት።

አቀራረቡ በአማርኛ፣ ውሉ በእንግሊዝኛ፣ ፊርማው ታብሌት ላይ በጣት ከሆነ ያን ቀን አትፈርሙ፣ ሙሉውን ውል በኢሜይል አስልኩና ልጆቻችሁ ያንብቡት። ቤታችሁ ውስጥ ከፈረማችሁም በፌደራል ሕግ ቢያንስ 3 የስራ ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት አላችሁ፣ በፅሁፍ ነው የሚደረገው።

«25 ዓመት ዋስትና ስላለው ሌላ ወጪ አይኖርም»

ዋስትናው አንድ አይደለም፣ ፓነሉ ለብቻ፣ ኢንቨርተሩ ለብቻ፣ የገጠማው ስራ ለብቻ ነው። ፓነሉ 25 ዓመት ይኖረዋል፣ እንደውም ቶሎ አይበላሽም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አንድ ትልቅ ኢንቨርተር ግን ብዙ ጊዜ ዋስትናው 10 ወይ 12 ዓመት ነው። በየፓነሉ ስር የሚገቡት ትንንሾቹ 25 ዓመት አላቸው፣ ግን መጀመሪያ ዋጋው ይጨምራል። ጣሪያውን በስቶ የገጠመው ኩባንያ ከስሮ ከተዘጋ ደግሞ የሱ ዋስትና አብሮት ይጠፋል፣ በዚህ ዘርፍ የሚዘጋ ኩባንያ ብዙ ነው።

ትልቁ የማይታሰበው ወጪ ጣሪያው ራሱ ነው። ሽንግሉ 15 ዓመት ከሆነው ፓነሉ ሳያረጅ ጣሪያው ያረጃል፣ ያኔ ፓነሉን አውርዶ መልሶ ለመግጠም ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር ትጠየቃላችሁ፣ ከላይ ያሰላነው 12,000 ትርፍ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ነው። ጣሪያችሁ እድሜው ከገፋ መጀመሪያ ጣሪያውን ቀይሩ።

ሌላው ዝም ብሎ የሚበላው ብልሽት ነው። ሲስተሙ ቆሞ ወራት የማያውቅ ሰው አለ፣ ምክንያቱም መብራቱ ከመስመር ስለሚመጣ ቤት ውስጥ ምንም የሚቀየር ነገር የለም፣ የሚታወቀው ትልቅ ቢል ሲመጣ ነው። ስልክ ላይ ያለውን አፕ በየወሩ ክፈቱት። መጠኑን ለማነፃፀር PVWatts የሚባል ነፃ ድረገፅ አለ፣ አድራሻችሁን እና የሲስተሙን መጠን ስትሰጡት ጃንዋሪ ላይ ስንት ጁላይ ላይ ስንት መምጣት እንዳለበት ይነግራችኋል። ሴልስማኑ የሰጣችሁ ቁጥር ከዛ በ20 ፐርሰንት ከበለጠ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ለምን እንደሆነ አስረዱኝ በሉት።

«ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ የኔ ቤት ይበራል»

ባትሪ ከሌለ አይበራም። መስመሩ ሲቋረጥ ኢንቨርተሩ ራሱን ያጠፋል፣ ካልሆነ ከናንተ ጣሪያ የሚወጣው ኃይል ሽቦ የሚጠግነውን ሰራተኛ ሊገድል ይችላል። ባትሪ ማስገባት ይቻላል፣ ከ10,000 ዶላር በላይ ሊጨምር ይችላል፣ ግን ኔት ሚተሪንግ ባለበት ሜሪላንድ ባትሪው ቢል ላይ የሚቀንሰው ነገር ትንሽ ስለሆነ ለመጠባበቂያ እንጂ ለቁጠባ ብላችሁ አትግዙት።

«እንግዲያው አዲስ አበባ ለሰራሁት ቤትም እዚህ እንዳለው አሰላለሁ»

እዛ ሂሳቡ ይገለበጣል። ታሪፉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ቢሄድም በዶላር ሲታይ ከሜሪላንዱ ጋር አይገናኝም፣ ስለዚህ ቢሉን ብቻ አይታችሁ ካሰላችሁ የፓነሉ ዋጋ በእድሜው ሙሉ ላይመለስ ይችላል። እዛ የሚያስገዛው መቆራረጡ ነው፣ ባትሪው ደግሞ የግድ ይሆናል፣ ከፓነሉም ቀድሞ የሚያረጀው እሱ ነው። የምታነፃፅሩትም ከጄነሬተሩ ጋር ነው፣ በወር ስንት ሊትር ናፍጣ ወይ ቤንዚን እንደሚበላ ቤቱን የሚጠብቀውን ሰው ጠይቁትና በሱ አስሉት።