የአፈር ቴክስቸርና ስትራክቸር አንድ አይደሉም
ፈርስት ይር ላይ ብዙ ተማሪ እነዚህን ሁለቱን ያምታታል። ቴክስቸር ማለት አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ በስንት ፐርሰንት እንዳሉ ነው፣ ስትራክቸር ደግሞ እነዛው ቅንጣቶች እንዴት ተያይዘው ጓል እንደሰሩ።

አንድ ማሳ 45 ፐርሰንት ሸክላ፣ 30 ደለል፣ 25 አሸዋ ነው እንበል፣ በሦስቱ ፐርሰንት የቴክስቸሩ ዓይነት በሚለይበት ትሪያንግል ላይ ክሌይ፣ ማለትም የሸክላ አፈር ነው። ግማሹን እርጥብ እያለ ትራክተር ሄደበት። ከሁለቱም ወገን ናሙና ላብ ብትወስዱ ውጤቱ ያው ክሌይ ነው፣ ምክንያቱም ከመለካታችን በፊት ጓሉን በኬሚካል እንበትነዋለን፣ ስትራክቸሩ እዛው ይጠፋል። ማሳው ላይ በአካፋ ስትቆፍሩ ግን ያልተረገጠው በእጅ ሲነካ ፍርፍር ይላል፣ የተረገጠው ጠፍጣፋ ሆኖ ይነሳል፣ ውሃ ላዩ ላይ ይተኛል ሥሩም ወደ ጎን ይታጠፋል። ቴክስቸሩን ገበሬው ሊቀይረው አይችልም ማለት ይቻላል፣ ስትራክቸሩ ግን በአንድ ቀን ተበላሽቶ ለመመለስ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ ለዚህ ነው ፈተና ላይ ክሌይ ስላየን ብቻ ውሃ አያሰርግም ብለን መደምደም የሌለብን።