የቤዝና ትሬብል ቮልዩም ጫፍ ሲደርስ ስንት ይጨምራል፣ ስንት ይቀንሳል?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አካባቢ ከሚሸጡት አምፖች አንዱን ብትከፍት ከፊት ለፊቱ ቤዝና ትሬብል የሚባሉ ሁለት ቮልዩሞች ታያለህ። ከኋላቸው ብዙ ጊዜ ያለው ነገር ጥቂት ሬዚስተርና አራት ካፓሲተር ብቻ ነው፣ አይሲ የለ ትራንዚስተር የለ። ፓሲቭ ቶን ኮንትሮል የሚባለው ይሄ ነው፣ ፓሲቭ የተባለውም ከራሱ ምንም ጉልበት ስለማይጨምር ነው። ታዲያ ጉልበት ካልጨመረ ቤዙን ሙሉ ስናዞረው ቤቱ የሚንቀጠቀጠው ከየት መጥቶ ነው? መልሱ ቀላል ነው፣ ሰርኪቱ መጀመሪያውኑ ድምፁን በሙሉ ወደ አስራ አንደኛ ያህል ይቀንሰዋል፣ ቤዝ ጨመርክ ማለት ለቤዙ ብቻ ያንን ቅነሳ ተውክለት ማለት ነው። ይሄ ከገባህ ሌላው ሂሳብ ነው።

ይሄን አሰራር በፈረንጆች 1949 ጄምስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው ዋየርለስ ወርልድ መፅሄት ላይ ያወጣው፣ በ1952 ደግሞ ባክሳንዶል እዛው መፅሄት ላይ ፊድባክ ያለበትን አክቲቭ አይነት አወጣ። ሰው ዛሬ ሁለቱንም ባክሳንዶል ይላቸዋል፣ ግን ፓሲቩ የጄምስ ነው።

አሁን አንድ የታወቀ የቫልዩ ስብስብ ይዘን እንሂድ። የቤዝ በኩል እንዲህ ነው፦ ከኢንፑት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (R1) ይነሳና የ100 ኪሎ ቮልዩም የላይኛው እግር ላይ ይገባል፣ ከታችኛው እግር ደግሞ 1 ኪሎ (R2) ወደ ግራውንድ ይወርዳል። በላይኛውና በመሀለኛው እግር መሀል 22 ናኖፋራድ (C1)፣ በመሀለኛውና በታችኛው መሀል 220 ናኖ (C2) ተበይደዋል። የትሬብል በኩል ከኢንፑት 2.2 ናኖ (C3) ወደ ሌላ 100 ኪሎ ቮልዩም የላይኛው እግር፣ ከታችኛው እግሩ 22 ናኖ (C4) ወደ ግራውንድ። የሁለቱ ቮልዩሞች መሀለኛ እግሮች በ10 ኪሎ (R3) ይገናኛሉ፣ አውትፑቱ የሚወጣው ከትሬብሉ መሀለኛ እግር ነው።

ጫፎቹን ለማስላት ካልኩሌተር እንጂ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ካፓሲተር በጣም ወፍራም ድምፅ ላይ እንደተቆረጠ ሽቦ ነው፣ ቀጭን ድምፅ ላይ ደግሞ እንደ ሾርት። ስለዚህ ቤዙን ሙሉ ስታዞረው መሀለኛው እግር ላይኛው ላይ ይቀመጣል፣ C1 በራሱ ሾርት ሆነ ማለት ነው፣ የቀረው C2 ሙሉ 100 ኪሎውን ታቅፎ ይቀመጣል። ቤዝ ላይ C2 የለም ብለህ አስላ፣ ሚድ ላይ፣ ማለትም በቤዝና በትሬብል መሀል ባለው ድምፅ ላይ፣ ደግሞ 100 ኪሎውን ሾርት አድርጎታል ብለህ አስላ። ሙሉ ስትመልሰው ተራው የC1 ነው፣ አሁን C2 ሾርት ሆኖ C1 ነው 100 ኪሎውን የሚያቅፈው፣ አውትፑቱም የሚነሳው ከ1 ኪሎው ራስ ላይ ነው።

```
ሚድ           : 1/(10+1)         = 0.0909 → -20.8 dB
ቤዝ፣ ሙሉ ጨምሮ  : (100+1)/(10+100+1) = 0.910  → -0.8 dB
ቤዝ፣ ሙሉ ቀንሶ  : 1/(10+100+1)     = 0.0090 → -40.9 dB
```

ከሚዱ አንፃር ሲታይ ወደ ላይ 20 ዲቢ፣ ወደ ታች 20 ዲቢ፣ 20 ዲቢ ማለት በቮልት አስር እጥፍ ነው። እኩል የመጣው በአጋጣሚ አይደለም፣ R1 የR2 አስር እጥፍ ስለሆነና 100 ኪሎው ደግሞ የR1 አስር እጥፍ ስለሆነ ነው። R2ን በ2.2 ኪሎ ብትቀይረው ሚዱ ወደ -14.9 ይወጣል፣ ጭማሪው 14 ዲቢ ገደማ ላይ ይቆማል፣ ማለትም የሚቀነሰውን ካሳነስክ የሚጨመረውም አብሮ ያንሳል። ከሁለቱም አትራፊ መሆን አይቻልም።

እነዚህ ግን የመጨረሻ ጫፎች ናቸው፣ ጆሮህ ጋ የሚደርሰው ካፓሲተሩ የት ላይ መስራት እንደሚጀምር ይወስነዋል። ሙሉ ስትጨምር C2 ሁለት ማጠፊያ አለው፣ አንዱ 730 ኸርዝ አካባቢ ሌላው 73 አካባቢ። ከ730 በታች ቤዙ መነሳት ይጀምራል፣ ከ73 በታች ይጠግባል። በመቀነስ በኩል C1 በ22 ናኖው ልክ እነዚሁ ቁጥሮች ላይ ይወድቃል፣ ለዛ ነው C2 የC1 አስር እጥፍ የሚሆነው። ስለዚህ 100 ኸርዝ ላይ የምታገኘው 20 ሳይሆን 15.5 ዲቢ ነው፣ 50 ኸርዝ ላይ 18.4። ካርቶኑ ላይ "±20 ዲቢ" ተብሎ ከተፃፈ የትኛው ኸርዝ ላይ ብለህ ጠይቅ።

የትሬብሉ ጨዋታ ትንሽ ያታልላል። ሙሉ ስትጨምረው C3 ድምፁን ቀጥታ ከኢንፑት ወደ አውትፑት ያሻግራል፣ 10 ኪሎ ኸርዝ ላይ አስልቼው ወደ 19 ዲቢ ጭማሪ ይወጣል። ሙሉ ስትቀንሰው ደግሞ C4 አውትፑቱን ወደ ግራውንድ ይጎትተዋል፣ R3ና C4ን ብቻ ይዘህ ካሰላኸው 23 ዲቢ ተኩል ገደማ ይቀንሳል ትላለህ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ቮልዩሙ ራሱ 100 ኪሎ ሬዚስተር ነው እኮ፣ ከC3 ጀምሮ በዛ 100 ኪሎ በኩል ትንሽ ከረንት ወደ አውትፑት ይሾልካል። 100 ኪሎ ብዙ ይመስላል ግን በR3 የሚመጣው ሲግናል ቀድሞ አስራ አንደኛ የሆነ ነው፣ በቮልዩሙ የሚሾልከው ግን ያልተቀነሰው ሙሉ ኢንፑት ነው። ለ1 ቮልት ኢንፑት በR3 በኩል 8.3 ማይክሮአምፔር ገደማ ይገባል፣ በሹልኩ በኩል ወደ 10 ማይክሮ! ሹልኩ ከዋናው በለጠ። ስለዚህ ትክክለኛው ቅነሳ 10 ኪሎ ኸርዝ ላይ 17 ዲቢ አካባቢ ነው እንጂ 23 አይደለም። ትሬብሉ ሙሉ ተመልሶም ፅናፅሉ ትንሽ የሚሰማው ለዚህ ነው፣ ብልሽት አይደለም።

ሌላው ጣጣ ከቮልዩሙ አይነት ነው የሚመጣው። ድምፁ ፍላት እንዲሆን፣ ማለትም ሳይጨመር ሳይቀነስ ከሚዱ እኩል እንዲሄድ፣ ቤዙ ላይ መሀለኛው እግር ከታች 9 ኪሎ ገደማ ላይ መሆን አለበት፣ የ100 ኪሎው አስረኛ ማለት ነው። ማዞሪያው ግማሽ ላይ ሲሆን አስረኛው ላይ የሚውለው ሎግ ቮልዩም ነው፣ ላዩ ላይ A100K የሚለው። ሊኒየሩ B100K ነው። አንዳንድ የድሮ የአውሮፓ ቮልዩሞች ላይ ፊደሉ የተገላበጠ ስለሆነ ግን ፊደሉን ሳይሆን ቴስተሩን እመን፣ ግማሽ ላይ አቁመህ ከታችኛው እግር እስከ መሀለኛው ለካ፣ 50 ኪሎ ካለ ሊኒየር ነው፣ ከ10 እስከ 15 ካለ ሎግ ነው። እኔ አንዴ ሱቅ ሎግ ብዬ ጠይቄ ሳልለካው ገጠምኩት፣ ማዞሪያው ግማሽ ላይ ሆኖ ቤዙ ያጓራል። ሂሳቡ ግልፅ ነው፣ (50+1)/111 ማለት -6.8 ዲቢ ነው፣ ከሚዱ 14 ዲቢ በላይ። ፍላት የሚሆነው ማዞሪያውን መነሻው አካባቢ ስታቆመው ነው፣ ከዛ እስከ መጨረሻው ሁሉም "ብዙ ቤዝ" ነው። የሠርግ ዲጄ ወዳጄ ግን ሲያየው "አቦ እንዳትነካው" አለኝ።

ይሄ ሁሉ ሂሳብ የሚሰራው ከፊት ያለው ሰርኪት ጠንካራ ከሆነና ከኋላ ያለው ካልከበደ ነው። ከፊት ያለው ስቴጅ የውስጥ ሬዚስታንሱ 10 ኪሎ ከሆነ R1 ላይ ይደመራል፣ ሚዱ ወደ 1/21 ይወርዳል፣ -26.4 ዲቢ። ከኋላ ደግሞ 10 ኪሎ የድምፅ ቮልዩም ከሰካህ ከR3 ጋር ተካፍሎ ሚዱን ሌላ 6 ዲቢ ተኩል ይበላዋል፣ 470 ኪሎ ወይም ሜጋ ቢሆን ይመረጣል። ከፊት ኤሚተር ፎሎወር፣ ማለትም የውስጥ ሬዚስታንሱ ትንሽ የሆነ የትራንዚስተር ስቴጅ፣ ማድረግ የተለመደ መፍትሄ ነው።

የጠፋውን 20.8 ዲቢ ለመመለስ ከኋላ 11 ጊዜ የሚያጎላ ስቴጅ ይገባል፣ እዚህም ወጥመድ አለ። ከስልክ 0.5 ቮልት ገባ እንበል፣ ፍላት ከሆነ 45 ሚሊቮልት ይወጣል፣ 11 ጊዜ ሲጎላ ተመልሶ 0.5 ቮልት ይሆናል፣ ደህና። ቤዙን ሙሉ ስታዞረው ግን 50 ኸርዝ ላይ 0.376 ቮልት ይወጣል፣ ሲጎላ 4.1 ቮልት፣ ከጫፍ ጫፍ 11.7 ቮልት ማለት ነው። በባጃጅ ባትሪ 12 ቮልት ላይ የሚሰራ ስቴጅ ይሄን ሙሉ ማውጣት አይችልም፣ ራሱ ይቆራርጠዋል። ቀጥሎ ያለው የፓወር አምፕም ጣጣ አለበት፣ 18.4 ዲቢ በዋት ሲሰላ ወደ 69 እጥፍ ነው፣ ሚዱ 1 ዋት እየወጣ ቤዙ 69 ዋት ይጠይቃል። የሚያጓራው ስፒከሩ ተበላሽቶ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። የመብራታችን 50 ኸርዝም እዛው ቀጠና ውስጥ ስለሆነ ከሰርኪቱ በፊት የገባች ትንሽ ሃም ቤዝ ሲጨመር ስምንት እጥፍ ትሆናለች።

ሰርኪቱን ለመፈተሽ ስልክ ላይ ቶን ጀነሬተር ጫን፣ ኢንፑቱን በቴስተር 1 ቮልት ኤሲ ላይ አድርግ (ስልኩ 1 ቮልት ካልሰጠህ የሚሰጠውን ይዘህ በዛው ልክ ቀንስ)። 1 ኪሎ ኸርዝ ላይ ፍላት 91 ሚሊቮልት አካባቢ፣ 50 ኸርዝ ላይ ቤዝ ሙሉ ጨምሮ 750 አካባቢ፣ ሙሉ ቀንሶ 11 ማየት አለብህ። 10 ኪሎ ኸርዝ ላይ ርካሽ ቴስተር ስለሚዋሽ እዛ ላይ ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል።

ባለፈው አንድ የባጃጅ ሹፌር ያመጣው አምፕ ላይ ጭማሪው 750 ሞልቶ ይነበባል፣ ስቀንሰው ግን ፍላቱ ጋ ደርሶ 91 ላይ ይቆማል፣ ከዛ አልወርድም አለ። ጭማሪ እየሰራ ቅነሳ ካልሰራ ጥፋቱ C1 ላይ ነው፣ ሾርት ሲሆን ጭማሪ ላይ ለውጥ የለውም ምክንያቱም እዛ ቦታ ላይ መሀለኛው እግር ራሱ ሾርት ያደርገዋል። የተገላቢጦሹ፣ ቅነሳ እየሰራ ጭማሪ እምቢ ካለ C2 ሾርት ነው። C2 ተነቅሎ ወይም ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ ቤዝ ስትጨምር ሚዱም አብሮ ይነሳል፣ የድምፅ ቮልዩም የያዝክ ይመስልሃል። የሹፌሩን ገለበጥኩት፣ በC1 ሁለት እግሮች መሀል የምስር ፍሬ የምታህል ሊድ ፈሳ ነበር። ጠርጌ ስለካው 11 ሚሊቮልት አነበበ።