የሁለት ሰዓት ሌክቸር ለአምስት ደቂቃ እረፍት ሲቆረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሪከርዱ 1 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ነው። በአምስት አምስት ደቂቃ ከቆረጥኩት ሃያ ምናምን ቁራጭ ይወጣዋል። በየእረፍቴ አንድ አንድ ነው የምሰማው።»

ይህን ያለችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ነርሲንግ ትማራለች፤ ቀን ቀን ኮዬ ፈጬ እኛ ብሎክ ምድር ላይ ያለችውን ሱቅ ትጠብቃለች። እኔም ነርሲንግን የጨረስኩት እዚያችው ባንኮኒ ላይ ስለሆነ ነገሩን አውቀዋለሁ። አንዱ ስኳር ገዝቶ ሲወጣ ሌላው ሳሙና ሊገዛ እስኪመጣ ያለችው ክፍተት ናት የጥናት ሰዓት። አምስት ደቂቃ ከሆነች እሰየው ነው።

ችግሩ መምህር በአምስት በአምስት ደቂቃ አለመናገሩ ነው። የእሷን ሪከርድ አብረን ሰማነው፤ ርዕሱ ኩላሊት ነው። የመጀመሪያዎቹ 9 ደቂቃዎች አቴንዳንስና ስለ ሚድ ፈተና ማስታወቂያ ናቸው። ከዚያ እስከ 21ኛው ደቂቃ ኩላሊት የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ ይናገራል። ከ21 እስከ 48 ያለው በሙሉ ስለ ማጣራት ነው። ቀጥሎ ቱቦዎቹ፣ ከዚያ ሆርሞኖቹ መጡ። 1:32 ላይ አንድ ተማሪ ስለ ማጣራት ጠየቀ። መምህሩ ወደ ኋላ ተመለሰና መጀመሪያ ካስረዳው በተሻለ አስረዳው። የቀረው ስሌት ነው።

በሰዓት የቆረጠ ሰው የማጣራቱን ትምህርት ሁለት ቦታ ይበትነዋል። ጥሩው ማብራሪያ መጨረሻ ላይ ከስሌቱ ጋር ተደባልቆ ይቀራል፣ አቴንዳንሱ ደግሞ ሁለት ሙሉ ቁራጭ ይወስዳል!

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። ሪከርዱን በ1.5 ፍጥነት አንዴ ሰማነው፣ ሳናቆም። ወረቀት ላይ የጻፍነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሰዓቱን፣ እና መምህሩ በዚያ ሰዓት የትኛውን ጥያቄ እየመለሰ እንደሆነ። ጥያቄው በተቀየረ ቁጥር አዲስ መስመር እንጀምራለን። 1:32 ላይ የመጣውን ከማጣራቱ ጋር አገናኘነው። በመጨረሻ 11 ጥያቄ ወጣ። ኩላሊት የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ የሚናገረው 12 ደቂቃ አንድ ጥያቄ ሆነ። ማጣራት ግን ሦስት ሆነ፦ ምን ያልፋል ምን ይቀራል፣ በቀን ስንት ይጣራል፣ ግፊቱ ሲቀየር ምን ይሆናል።

ስለዚህ የቁራጩ ልክ የሚታወቀው ሪከርዱ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በማየት አይደለም። መልሱን ከጭንቅላት አውጥቶ ለመጻፍና ለማረም የሚፈጀው ጊዜ ነው ልኩ። አምስት ደቂቃዋን ስንበትናት ግማሽ ደቂቃ ጥያቄውን አንብቦ ለማሰብ፣ ሁለት ተኩል ለመጻፍ፣ አንድ ለማስተያየት፣ የቀረችው አንድ ደግሞ የተሳሳትነውን ለማስመር ናት። በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ሦስት ወይም አራት አጭር ነጥብ ይጻፋል። ከዚያ በላይ አይገባም።

እህቴ መጀመሪያ ማጣራትን በሙሉ አንድ ካርድ ላይ ጻፈችው፤ ዘጠኝ ነጥብ። በስልኳ ሰዓት ለካን። ሰባት ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት ነጥብ ገና አልተነካም፣ ደንበኛ ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል። ያኔ ነው ሦስት ቦታ የቆረጥነው። ግሎሜሩለስ ደሙ የሚጣራበት የጥቃቅን ደም ሥሮች ጥቅል ነው፣ ቦውማን ካፕሱል ደግሞ የተጣራውን የሚቀበለው ከረጢት። ሦስተኛው ካርድ፣ ከብስኩት ካርቶን ላይ የተቀደደው፣ እንዲህ ይላል፦

ካርድ 4
ጥያቄ፦ ከግሎሜሩለስ ደም የሚያወጣው ቧንቧ ቢጠብ ማጣራቱ ምን ይሆናል? ለምን? የሚያስገባውስ ቢጠብ?
ከጀርባው፦
1. መውጫው ሲጠብ ደሙ ውስጥ ይታመቃል፣ ግፊት ይጨምራል።
2. ግፊቱ ብዙ ውኃ ወደ ቦውማን ካፕሱል ይገፋል፤ ማጣራት ይጨምራል። በጣም ከጠበበ ግን ደሙ ራሱ ስለሚያንስ መልሶ ይቀንሳል።
3. መግቢያው ሲጠብ የሚገባው ደም ያንሳል፤ ግፊትም ማጣራትም ይቀንሳል።
ሪከርድ፦ 39:10 እና 1:32:40

የመጨረሻዋን መስመር እንዳትዘሏት። ካርዱ ላይ ያለው ሳይገባችሁ ሲቀር የምትሰሙት ያችን ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ያቺ ከሌለች ሙሉውን ሪከርድ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስትጎትቱ እረፍቷ ታልቃለች።

«ካጠረማ በአምስት ደቂቃ ሦስቴ አነበዋለሁ። በቃ ይገባኛል።»

በሦስተኛው ንባብ የሚሰማችሁ «አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ከየት እንደመጣ አስቡ። ዓይናችሁ ጽሑፉን ለመደው እንጂ እናንተ ምንም አላወጣችሁም። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ ከፊሉን ደግመው እንዲያነቡት፣ ከፊሉን ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግሞ ማንበብ በትንሹ በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፦ ደግመው ካነበቡት 42 ከመቶ፣ ሳያዩ ከጻፉት 56 ከመቶ አስታወሱ።

ማታለያው እዚህ ላይ ነው። በእረፍቷ ማብቂያ ላይ ራሳችሁን ከለካችሁ ንባብ ያሸንፋል። ፈተናው ግን የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከፊት፣ መልሱ ከጀርባ ይሁን። ኖታችሁ ስልክ ላይ ከሆነም መልሱን ጥያቄው ከሚታይበት ስክሪን በታች አርቃችሁ ጻፉት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ መጻፍ ካልተመቻችሁ በሹክሹክታ ተናገሩት። ቱሉ ዲምቱ ሰልፍ ላይ ብቻውን የሚያወራ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሁሉም በጆሮ ማዳመጫ ስልክ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

«እንግዲያው ይበልጥ ላሳንሰው። አንድ ካርድ፣ አንድ ቃል፣ አንድ ትርጉም።»

ለስም ይሠራል። ኩላሊት ግን ሰንሰለት ነው። የጎረቤታችን ልጅ አርባ ያህል ካርድ ሠርቶ አመጣልኝ፤ ግሎሜሩለስ ምንድን ነው፣ የሄንሌ ሉፕ ምንድን ነው፣ እያለ ይቀጥላል። ሁሉንም መለሰ። ከዚያ «እሺ፣ አንዲት የሶዲየም ቅንጣት ልሁን። ግሎሜሩለስ ላይ ተጣርቼ ወጣሁ። አሁን ወዴት ልሂድ? የትስ ነው ወደ ደም የምመለሰው?» አልኩት። ዝም አለ። አብዛኛው ሶዲየም፣ ከመቶ 65 ገደማ፣ የሚመለሰው ገና በመጀመሪያው ቱቦ ላይ እንደሆነ ካርዱ ላይ ነበር። ግን «መጀመሪያው» ከምን በኋላ፣ ከምን በፊት እንደሆነ የሚናገር ካርድ አልነበረም።

ከልክ በላይ ማነሱን የምታውቁት በዚህ ነው፦ እያንዳንዱን ትመልሳላችሁ፣ ካርዶቹን በውዛችሁ በቅደም ተከተል አስቀምጡ ስትባሉ ግን ያቅታችኋል። ሌላው ምልክት፣ መልሱ ሳታስቡ በግማሽ ደቂቃ ያልቃል። እንዲህ ሲሆን ካርዱን ከጎኑ ካለው ካርድ ጋር አጋቡት። እኛ ከዚህ ሌላ አንድ ካርድ ለመንገዱ ብቻ ሰጠነው። ግሎሜሩለስ፣ ቦውማን ካፕሱል፣ ቅርብ ቱቦ፣ የሄንሌ ሉፕ፣ ሩቅ ቱቦ፣ ሰብሳቢ ቱቦ። በየቱቦው ካርድ ራስ ላይም «ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል» የምትል አንዲት መስመር አለች። ብዙ አትመስልም፤ ለጎረቤታችን ልጅ የጎደለችው ግን እሷው ነበረች።

«ስሌቱንም እንደዚሁ ቆርጬ በእረፍቴ እሠራዋለሁ።»

እሱን ተዉት። የሌክቸሩ መጨረሻ ክሊራንስ ነበር፣ ኩላሊት በደቂቃ ከአንድ ነገር የሚያጸዳው የፕላዝማ መጠን፦

```
C = (U × V) / P
```

በካርድ የሚያዘው ፊደሎቹ ናቸው። U ሽንት ውስጥ ያለው የነገሩ ክምችት፣ P ፕላዝማ ውስጥ ያለው ክምችት፣ V ደግሞ በደቂቃ የሚወጣው ሽንት። ስሌቱ ራሱ ግን ደንበኛ ሲመጣ መሀል ላይ ይቋረጣል፣ ስትመለሱም ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

በዚያ ላይ ስህተቱ የሚደበቀው አሃዱ ውስጥ ነው፤ እሱን ለማየት ረጋ ማለት ይፈልጋል። የሌክቸሩ ምሳሌ በቀን 1,728 ሚሊ ሊትር ሽንት ይላል። U 100፣ P 1 ነው፤ ሁለቱም በዴሲ ሊትር ሚሊ ግራም። እህቴ 1,728ን እንዳለ አስገባችና 172,800 አገኘች። በቀን ያሉት 1,440 ደቂቃዎች ናቸው። ሲካፈል V 1.2 ይሆናል፣ መልሱም በደቂቃ 120 ሚሊ ሊትር። እንዲህ ዓይነቱን «ለማታ» ብላችሁ ለዩት፤ ሱቅ ሲዘጋ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል።

«በየቀኑ ከ1 ጀምሬ በተራ እዞራለሁ።»

አሥራ አንድ እረፍት በአንድ ቀን ማን ያገኛል? ስድስት ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ነገ እንደገና ከ1 ስትጀምሩ ከ7 ጀምሮ ያሉት ሳይነኩ ሳምንቱ ያልቃል።

እህቴ ሦስት ፖስታ አላት። የሳተችው ካርድ «ነገ» የሚለው ውስጥ ይገባል። የመለሰችው «ከሦስት ቀን በኋላ» ወደሚለው ይሄዳል፣ እዚያም ከመለሰችው «ሳምንት» ወደሚለው። ከሳተች ከየትም ወደ «ነገ» ይመለሳል። ጠዋት ሱቅ ስትከፍት የዕለቱን ካርዶች ብቻ አውጥታ ሚዛኑ ስር ታስቀምጣለች።

ፖስታው ያልጠበቅነውን ሥራም ሠራልን። ካርድ 8፣ ስለ አልዶስትሮን የሚናገረው፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ «ነገ» ውስጥ ከረመ። እህቴ «ይሄ ሆርሞን ከእኔ ጋር ጠበኛ ነው» ማለት ጀምራ ነበር። ካርዱን ስናየው ሁለት ጥያቄ ተጣብቆ ነው ያለው፦ ሆርሞኑ ምን ይሠራል፣ እና መቼ ይመነጫል። የመጀመሪያውን ጽፋ ስትጨርስ ሰዓቷ ያልቃል፤ ሁለተኛውን አንድም ቀን በወጉ ሞክራው አታውቅም። በመቀስ ለሁለት ቆረጥነው። 8ሀ፦ ሶዲየምን ያስቀራል፣ ፖታሲየምን ያስወጣል። 8ለ፦ አንጂዮቴንሲን ሁለት የተባለው ሆርሞን ሲበዛ ወይም ደም ውስጥ ፖታሲየም ሲጨምር ይመነጫል። 8ሀ በማግስቱ ከፖስታው ወጣ። 8ለ ሁለት ቀን ጨመረ።