አማካይ ፍጥነት ምንድን ነው? የአባይ በረሃን ወርዶ የሚወጣ የጭነት መኪና ስሌት

ማዳበሪያ የጫነ መኪና ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ወደ ጎጃም ይሻገራል። እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ነው፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው አቀበት። ለስሌት እንዲመቸን ቁልቁለቱም አቀበቱም እኩል 20 ኪሎ ሜትር ናቸው እንበል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ተጠንቅቆ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ ጭነቱ ከብዶት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይወጣል። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?

ብዙ ሰው 30 እና 15ን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና 22.5 ይላል። መልሱ ግን 20 ነው።

አማካይ ፍጥነት ማለት የተጓዙት ርቀት በሙሉ ጉዞው ለፈጀው ጊዜ በሙሉ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ጊዜው ነው። 20 ኪሎ ሜትሩን ቁልቁለት በ30 ለመውረድ 40 ደቂቃ ይበቃል። ያንኑ ያህል አቀበት በ15 ለመውጣት 80 ደቂቃ ያስፈልጋል። ድምሩ 120 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ነው። 40 ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት ከተሄደ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው። በ22.5 አስልቶ ደጀን ላይ የሚጠብቅ ሰው መኪናው ከ13 ደቂቃ በላይ ይዘገይበታል።

ልዩነቱ የመጣው መኪናው በሁለቱ ፍጥነቶች የቆየበት ጊዜ እኩል ስላልሆነ ነው። ርቀቱ እኩል ነው፤ ጊዜው ግን አይደለም። ከ120 ደቂቃው 80ው፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛው ያለፈው በ15 ሲዳክር ነው። ደምሮ ለሁለት ማካፈል ግን ለሁለቱም እኩል ጊዜ እንደተሰጠ አድርጎ ይቆጥራል። ርቀቱ እኩል ሲሆን ዝግ ያለው ጉዞ ሁልጊዜ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ፣ እውነተኛው አማካይ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ያዘነብላል።

እዚህ ላይ ሾፌር ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ጉዞውን ለማፋጠን ቁልቁለቱን በ30 ፈንታ በ60 ቢወርደውስ? እንዲህ ባለ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጭነት ይዞ በ60 መውረድ ፍሬን የሚያግል፣ ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው፤ ትርፉን ግን እንየው። 40 ደቂቃው ወደ 20 ይወርዳል፤ የተቆጠበው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። አማካዩም ከ20 ወደ 24 ከፍ ይላል፤ ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሰው 37.5 ይደርሳል ብሎ ይጠብቅ ነበር። አሁን ቁልቁለቱን በ30 እንደነበረ ትተን፣ ጭነቱን ቀነስ አድርገን አቀበቱን በ15 ፈንታ በ20 እንዲወጣ እናድርግ። 80 ደቂቃው 60 ይሆናል፤ የተቆጠበው ያው 20 ደቂቃ ነው። አቀበቱ ላይ በሰዓት የተጨመረች 5 ኪሎ ሜትር፣ ቁልቁለቱ ላይ ከተጨመረው 30 ጋር እኩል ሠራች።

ወሰንም አለው። አቀበቱ በ15 ከተወጣ 80 ደቂቃው ወጪ ሆኗል። ቁልቁለቱ ምንም ጊዜ ባይፈጅ እንኳ 40 ኪሎ ሜትር በ80 ደቂቃ ነው የሚሆነው፤ ያም በሰዓት 30 ነው። ስለዚህ አማካዩ ከዝግተኛው ፍጥነት እጥፍ ሊደርስ አይችልም፤ መልስህ እዚያ ከደረሰ ወይም ካለፈ ስሌቱ ተሳስቷል።

ለእኩል ርቀቶች አጭር ቀመር አለ፤ ስሙም ሃርሞኒክ አማካይ ይባላል። ፍጥነቶቹን a እና b ብንላቸው፦

2ab ÷ (a + b)

በኛ ምሳሌ 2 × 30 × 15 = 900፤ 900 ለ45 ሲካፈል 20። ርቀቱ ቀመሩ ውስጥ የለም፤ በ20 ኪሎ ሜትር ፈንታ 60 ብትወስድም መልሱ ያው ነው። ለተማሪ ግን ቀመሩን አስቀድሞ መስጠት ጥሩ አይመስለኝም። ርቀቶቹ እኩል ባልሆኑበት ቦታም ይጠቀምበትና ይሳሳታል። ጊዜውን ማስላት የለመደ ተማሪ ግን በየትኛውም መንገድ ላይ አይስትም።

መኪናው ከደጀን አልፎ ደብረ ማርቆስ ድረስ ቢቀጥል፣ ያ ሌላ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየከተማው ዝግ እያለ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ 110 ኪሎ ሜትር በአራት ሰዓት ሄዷል፤ አማካዩ 27.5 ነው። እዚህ 20 እና 35ን ደምሮ ለሁለት ማካፈልም ያንኑ 27.5 ይሰጣል፤ ምክንያቱም አሁን ርቀቶቹ ቢለያዩም ሁለቱ ክፍሎች እኩል ሁለት ሁለት ሰዓት ፈጅተዋል።